ኢሜይሉም ስልኩም በእጄ የለም፣ የድሮ ፌስቡኬን እንዴት ላጥፋው?

«በ2004 ዓ.ም. የተከፈተ ፌስቡክ አለኝ። ፓስዎርዱን ረስቼዋለሁ። ኢሜይሉን ያኔ የኢንተርኔት ካፌ ልጅ ነበር ያወጣልኝ፣ ያሁ መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው። ስልኩ ሪያድ ሳለሁ የያዝኩት የሳዑዲ ቁጥር ነው፣ ጠቅልዬ ከገባሁ አራት ዓመት ሆነኝ። የድሮ ፎቶዎቼ ለሁሉም ሰው ይታያሉ። አሁን ትዳር ይዣለሁ፣ እንዲጠፋልኝ እፈልጋለሁ። ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ሰው 3,000 ብር ክፈዪና ላጥፋልሽ ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»

ሰላም እህቴ። መጀመሪያ ሦስት ሺህ ብሩን አትላኪ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ፌስቡክ አካውንት የሚያጠፋው ውስጥ ገብቶ ለጠየቀው ሰው ነው። ውጭ ቆመሽ «የኔ ነው፣ አጥፉልኝ» ብትዪ የሚሰማሽ የለም፤ ደውለሽ የምታናግሪው ሰውም የለም። ያናድዳል፣ ግን ምክንያት አለው። ከውጭ በመጠየቅ ብቻ የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ የተጣላሽው ሁሉ ነገ ጠዋት ያንቺን ያስጠፋው ነበር። ስለዚህ ያንቺ ጥያቄ «እንዴት ላጥፋ» ቢመስልም ሥራው ያለው «እንዴት ልግባ» የሚለው ላይ ነው። ለአስር ደቂቃ መግባት ከቻልሽ ማጥፋቱ ቀላል ነው። ዝም ብዬ ብተወው ከጊዜ ብዛት ይጠፋል ብለሽም አትጠብቂ፤ ሰው ስላልገባበት ብቻ የጠፋ የፌስቡክ አካውንት እኔ አላጋጠመኝም፣ የአስራ ሁለት ዓመት አቧራ የጠጡ ግን በየቀኑ አያለሁ።

ከምንም በፊት ፌስቡክ ስላንቺ ምን እንደያዘ እንይ። ስልክሽ ላይ ቪፒኤን ካለ አጥፊው። ሲስተሙ ከየት አገር እንደመጣሽ ያያል፤ ዛሬ ከሆላንድ ነገ ከካናዳ የምትመጪ ከመሰልሽው ሌባ ነሽ ብሎ ያስባል። ከዚያ ብሮውዘር ላይ ይሄን ጻፊ፦

```
facebook.com/login/identify
```

በስምሽ ፈልጊ። ስምሽ የብዙ ሰው ስም ከሆነና ካላገኘሽው አንዷ ጓደኛሽ የድሮ ፕሮፋይልሽን ትክፈትና ሊንኩን ትላክልሽ። ከ `facebook.com/` ቀጥሎ ያለው ጽሑፍ የተጠቃሚ ስምሽ ነው፤ በሱ ሞክሪ። አካውንቱ ሲመጣ ኮዱን የት ልላክልሽ ብሎ አማራጮች ያሳይሻል። በኮከብ የተሸፈኑ ናቸው፤ እንዲህ ዓይነት ነገር፦

```
s******9@yahoo.com
+966*******41
```

እዚህ ላይ ቁሚ። ምንም አትጫኚ። ስክሪንሾት አንሺና ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ብዙ ሰው ይሄን ገጽ ሲያይ ደንግጦ «ላክ፣ ላክ» እያለ ይደጋግማል፤ ሲስተሙም ብዙ ሞከርሽ ብሎ ለጊዜው ይዘጋዋል። ቀስ ብለሽ ካየሽው ግን አንዳንዴ ሦስተኛ መስመር ይገኛል። ረስተሽው የነበረ ጂሜይል፣ ወይም ከመሄድሽ በፊት የነበረሽ 09 ቁጥር። 09 ከሆነና ቁጥሩ በስምሽ ከነበረ፣ ለሌላ ሰው ካልተሰጠ ደግሞ፣ መታወቂያሽን ይዘሽ ኢትዮ ቴሌኮም ሄደሽ ሲሙን ታስወጪያለሽ፣ ኮዱ ይመጣል፣ ነገሩ በግማሽ ቀን ያልቃል። ሲሙ በወንድምሽ ስም ከነበረ እሱን ይዘሽ ሂጂ።

የሳዑዲው ቁጥር ላይ ግን ጊዜ አታጥፊ። እዚያ አገር ሲም የሚወጣው በኢቃማ ነው። ጠቅልለሽ ስትወጪ ኢቃማው ይዘጋል፣ ቁጥሩም ካንቺ ይወጣል፣ ከጊዜ በኋላም ለሌላ ሰው ይሰጣል። አንዳንዶች ቁጥሩ ላይ ደውለው የያዘውን ሰው «የሚመጣልህን ኮድ ንገረኝ» ይሉታል። ሰውየው ብልጥ ከሆነ አይነግርሽም፤ አጭበርባሪዎች የሚሉት ይህንኑ ነውና። ተንኮለኛ ከሆነ ደግሞ ኮዱን ይዞ ራሱ ይገባበታል። በሁለቱም በኩል አይጠቅምሽም።

የያሁውም ነገር ተመሳሳይ ነው። ያሁ ለአንድ ዓመት ያልተገባበትን ኢሜይል ይዘጋል፣ ውስጡ ያለውንም ያጠፋል። ያንቺ ከዚያ በላይ ስለቆየ ተዘግቷል ብለሽ አስቢ። «ታዲያ ያንኑ አድራሻ እንደ አዲስ ባወጣውስ?» የሚል ብልጠት የሚመጣላቸው አሉ። ይሄ ቀዳዳ ቀድሞ ታይቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. ያሁ የቆዩ ስሞችን ለአዲስ ሰዎች እሰጣለሁ ሲል ብዙ ሰው ጮኸ፤ የድሮ አድራሻሽን የያዘ እንግዳ ሰው የፌስቡክሽን ፓስዎርድ ሊቀይር ነው ማለት ነዋ። በዚያ ምክንያት የያሁና የፌስቡክ መሐንዲሶች አንድ ዘዴ አወጡ። ፌስቡክ ኢሜይሉን ሲልክ በማይታይ መስመር ላይ «ይሄ አድራሻ ከዚህ ቀን ጀምሮ በአንድ ሰው እጅ ካልነበረ አታድርሰው» ብሎ ይጽፋል። መስመሩ `Require-Recipient-Valid-Since` ይባላል። ስለዚህ አድራሻውን መልሰሽ ብታወጪው እንኳ ኮዱ ላይደርስሽ ይችላል። የኢንተርኔት ካፌውን ልጅ ፍለጋም አትውጪ፤ ያኔ በቀን ስንት ኢሜይል ያወጣ እንደነበር እሱም አያስታውስም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። እኔ ካየኋቸው ያንቺን ከመሰሉ ጉዳዮች ውስጥ የተፈቱት አብዛኞቹ የተፈቱት በድሮ ስልክ ነው። ሪያድ የነበረሽ ስልክ የት ነው? ለታናሽሽ ሰጥተሽዋል? ሻንጣ ውስጥ ነው? ስክሪኑ ተሰብሮ መሳቢያ ውስጥ ተጥሏል? ፈልጊው።

ባለፈው ዓመት ከቤይሩት የተመለሰች ሴት መጥታ ነበር። ነገሩ ሁሉ ያንቺ ነው፤ ኢሜይሉ የለም፣ የሊባኖሱ ቁጥር የለም፣ ፎቶዎቹ ግን አሉ። ከኔ በፊት ሦስት ሰው ጋ ሄዳለች። አንደኛው ጋ የድሮ ሳምሰንጓን ይዛ ሄዳ ነበር፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆኗል። ልጁ «ፎርማት ላድርግልሽና አዲስ ይሆናል» ብሏት ነበር። እግዜር ይስጣት እምቢ ብላ ይዛው ወጣች። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ የመጨረሻው ቁልፍ አብሮ ይጠፋ ነበር። እኛ ያገለገለ ስክሪን ገጠምንለት። ባትሪው ጨርሶ ሞቶ ስለነበር ቻርጀር ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው የነቃው። ሲነሳ ፓተርን ጠየቀ። አላስታውስም አለች። «አታስቢ፣ ዝም ብለሽ እጅሽን አስቀምጪ» አልኳት። ጣቷ አስታወሰው፤ በሁለተኛው ሙከራ ተከፈተ።

የፌስቡክ አፑ ግን አልሠራም። አፕዴት አድርጊኝ ይላል፣ ስልኩ ደግሞ አርጅቶ አዲሱን አፕ አይቀበልም። እዚህ ጋ ተስፋ የሚቆርጥ ብዙ ነው። አፑን ተይውና ክሮም ውስጥ ግቢ። ከላይ ሦስቷን ነጥብ፣ `Settings`፣ ከዚያ `Password Manager`፤ በቆዩ ክሮሞች ላይ `Passwords` ብቻ ይላል። ዝርዝሩ ውስጥ `facebook.com` ነበረ። ዓይን የሚመስለውን ምልክት ስንነካ ስልኩ እንደገና ፓተርን ጠየቀና ፓስዎርዱን አወጣው፦ ስሟና የተወለደችበት ዓመት። ከሱ በላይ ደግሞ ሙሉ ኢሜይሉ ተጽፎ አለ፤ ለዓመታት ስትፈልገው የነበረው። ያለችበት ስልክ ፌስቡክ የሚያውቀው ስልክ ስለሆነ እዚያው ክሮም ላይ ስትገባ ኮድ እንኳ አልጠየቃትም። ያንኑ ፓስዎርድ ከኔ ኮምፒዩተር ላይ ብትሞክረው ግን «ይሄ አዲስ መሣሪያ ነው፣ ኮድ ልላክ» ሊላትና ተመልሳ እዚያው የሞተ ቁጥር ላይ ልትወድቅ ትችል ነበር። ለዚህ ነው ፓስዎርዱን ብታገኚም በድሮው ስልክ ላይ ተጠቀሚበት የምልሽ።

ስልኩ ጨርሶ ከሌለስ? ስልኩ ላይ የነበረው ጂሜይል ካለሽ፣ ማለትም ፕሌይ ስቶር ያወረድሽበት፣ በሱ `passwords.google.com` ላይ ግቢና ፈልጊ። ክሮም የያዘው ፓስዎርድ ብዙ ጊዜ እዚያም ይቀመጣል። ፌስቡኩ በያሁ ተከፍቶ ፓስዎርዱ ግን በጂሜይሉ ስር ተቀምጦ የተገኘበትን ብዙ አይቻለሁ።

ስልኩ ተከፍቶ ፌስቡክ እንደገባሽ ቆይቶ ካገኘሽው ደግሞ ዕድለኛ ነሽ፣ ግን በደስታ `Log out` እንዳትነኪ። የውስጡን በር በገዛ እጅሽ መቆለፍ ነው። ማጥፋቱም ፓስዎርድ ስለሚጠይቅ ወዲያው አይሆንልሽም። መጀመሪያ `Settings`፣ `Accounts Center`፣ `Personal details`፣ `Contact info` ገብተሽ አሁን በእጅሽ ያለ ኢሜይል ጨምሪ። ሌላ ፌስቡክ ላይ ያልተጠቀምሽበት ይሁን። ማረጋገጫው ወደ አዲሱ ኢሜይል ይመጣልሻል። ከዚያ እዚያው ስልክ ላይ በብሮውዘር `Forgot password?` ብለሽ ኮዱ ወደ አዲሱ ኢሜይል እንዲመጣ አድርጊ። አዲሱ ኢሜይል አማራጮቹ ውስጥ ወዲያው ካልታየሽ ሁለት ሦስት ቀን ቆይተሽ ሞክሪ፤ እስከዚያ አፑን አትንኪው።

ስልክ የለም፣ የተቀመጠ ፓስዎርድ የለም እንበል። የሚቀረው የውስጥ መንገድ ማንነትሽን ማሳየት ነው። ኮከብ ያለበት ገጽ ላይ ከታች `No longer have access to these?` የሚል ትንሽ ጽሑፍ አለ። ለሁሉም ሰው አይወጣም። ቤት ካለው ኮምፒዩተር አይወጣና ከወንድምሽ ስልክ ይወጣል፤ ድሮ በዚያ ስልክ አንድ ቀን ገብተሽ ከነበረ ማለት ነው። ሲወጣ አዲስ ኢሜይል ይጠይቅሻል፣ ቀጥሎ መታወቂያ፣ ለአንዳንዱም ፊትሽን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዞርሽ የምትቀርጪው አጭር ቪዲዮ። ቪዲዮው የሚሠራው ፕሮፋይልሽ ላይ የራስሽ ፊት ካለ ነው። የአበባ ወይም የመላእክት ሥዕል ከሆነ የሚያነጻጽርበት የለውም። ያንቺ ፎቶዎች መኖራቸው እዚህ ላይ ይረዳሻል፤ ያስጨነቀሽ ነገር ነው የሚያስገባሽ።

መታወቂያ ላይ የኛ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የትውልድ ዓመት። በ1982 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ፌስቡክ ስትከፍት 1982 ብላ ትሞላለች። ፓስፖርቷ 1990 ይላል። ለኛ አንድ ቀን ነው፤ ለሚያየው ሲስተም ግን ስምንት ዓመት የምትበልጥ ሌላ ሴት ናት። ስሙም እንደዚያው። አካውንቱ «ሜሪ የማርያም ልጅ» ይላል፣ ፓስፖርቱ ማርታ ከነአባትና ከነአያቷ። መታወቂያ ሲላክ አካውንቱ ላይ ካለው ስምና የትውልድ ቀን ወይም ከስሙና ከፎቶው ጋር እንዲመሳሰል ይፈለጋል። ስለዚህ ስምሽ የሚመሳሰል ከሆነና ዓመቱ ብቻ ከተለያየ ፎቶሽ በደንብ የሚታይበትን መታወቂያ ላኪ። ፋይዳ ካለሽ እሱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ስሙ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አለበት፣ የትውልድ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ነው። በቀን ብርሃን አንሺው፣ ፍላሽ አይብራ፣ አራቱም ጥግ ይታይ። «አልቻልንም» የሚል መልስ ከመጣ ያንኑ ፎቶ ደግመሽ አትላኪ፤ ሌላ መታወቂያ ላኪ። ስሙ በቅጽል የተሞላና ዓመቱም የተሳሳተ ከሆነ ግን በእውነት እነግርሻለሁ፣ በዚህ መንገድ የመግባት ዕድልሽ ትንሽ ነው።

ከገባሽ ቀጥታ ወደ ማጥፋቱ አትሩጪ። የድሮውን ኢሜይልና የሳዑዲውን ቁጥር አውጪያቸው፣ ፓስዎርዱን ቀይሪ። ቁጥሩን ዛሬ የያዘው ሰው በሚቀጥለው ወር ፌስቡክ ልክፈት ቢል ያንቺ አካውንት ጋ እንዳይመጣ ነው። የምትፈልጊያቸውን ፎቶዎች አውርጂ፤ ዛሬ የተናደድሽባቸው ፎቶዎች ውስጥ የእናትሽ ብቸኛ ፎቶ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ፎቶዎቹን ለሌላ ሰው እንዳይታዩ አድርጊ፤ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሻል። ማጥፊያው `Accounts Center`፣ `Personal details`፣ `Account ownership and control`፣ `Deactivation or deletion` ውስጥ ነው። `Deactivate` ማለት መደበቅ ነው፣ ተመልሶ ይመጣል። አንቺ የምትፈልጊው `Delete` ነው።

ይሄን ስትጫኚ 30 ቀን ይሰጥሻል። በነዚያ ቀናት ተመልሰሽ ብትገቢ ሐሳብሽን የምትቀይሪበት ቁልፍ ይመጣል፣ ሰው ደግሞ ለማየት ሲል ገብቶ በስህተት ይሰርዘዋል። አፑን ከስልክሽ አጥፊውና ቀኑን እርሺው። ከ30 ቀን በኋላ አይመለስም፤ ከኮምፒዩተሮቻቸው ሙሉ በሙሉ ለመጥረግ እስከ 90 ቀን ሊወስድባቸው ይችላል። ለሰዎች የላክሻቸው መልእክቶች ግን በነሱ ኢንቦክስ ውስጥ ይቀራሉ፣ እነሱ ካላጠፏቸው። ጓደኞችሽ በራሳቸው ገጽ ላይ የለጠፉት ያንቺ ፎቶም የነሱ ነው፣ አብሮ አይጠፋም።

ሁሉም መንገድ ቢዘጋስ? ያኔ «መጥፋት» የሚለውን ቃል ትንሽ እንተወውና ያስጨነቀሽን ነገር ብቻ እንያዝ። ያንቺ ችግር ፎቶዎቹ ናቸው፣ ስለዚህ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ተከታተያቸው። አሁን የምትጠቀሚበት አዲስ አካውንት ካለሽ እያንዳንዱን ፎቶ ከሱ ከፍተሽ ሦስቷን ነጥብ ነክተሽ ሪፖርት ታደርጊዋለሽ፤ ምክንያቱ ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ እንዲታይም አልፈልግም የሚለው ነው። ሁሉም አይወርድም። እንዳየሁት ፊትሽ ጎልቶ የሚታይበት ብቻሽን ያለሽበት ፎቶ ከሠርግ ቤት የጅምላ ፎቶ ይልቅ ቶሎ ይሰማል። ጓደኞችሽ የለጠፉትንና ስምሽን ያያያዙበትን ደግሞ ደውለሽ ንገሪያቸው። ይሄ ከፌስቡክ ይልቅ ፈጣን ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ እያፈላሽ ስምንት ሰው መደወል ነው።

ፕሮፋይሉን በሙሉ ሪፖርት ማድረግም አለ። እዚህ ላይ እጠንቀቅ። አንድ ሰው ሰብሮ ገብቶ እየተጠቀመበት ከሆነ፣ ብር ላኩልኝ እያለ ለዘመዶችሽ እየጻፈ ከሆነ፣ `facebook.com/hacked` ላይ ሂጂ፤ በስምሽ የሚነግድ አለ ብለሽ ሪፖርት ማድረግም እውነት ነው። ማንም ያልገባበት፣ አንቺው ያበጀሽው ከሆነ ግን «እኔን መስሎ የቀረበ ነው» ማለት ውሸት ነው፣ መዘዝም አለው። ፌስቡክ ለአንድ ሰው አንድ የግል አካውንት ነው የሚፈቅደው። ሁለት ተመሳሳይ ስም፣ ተመሳሳይ ፊት ሲያይ የትኛው ነው ሐሰተኛው ብሎ ይጠይቃል። የድሮው 2004 ላይ የተከፈተ፣ ሦስት መቶ ጓደኛ ያለው ነው እንበል፤ አዲሱ ባለፈው ዓመት የተከፈተ። አዲሱ የታገደበትና ድሮው እዚያው የቀረበት አጋጥሞኛል። ሪፖርት ስታደርጊ በምርጫዎቹ ውስጥ `Recover this account` የሚል ካገኘሽ እሱን ምረጪ፤ የሚወስድሽ ወደ ማንነት ማረጋገጫው ነው።

በሪፖርት የሚመጣው ውጤትም መጥፋት ሳይሆን መታገድ ነው። አካውንቱ ማንነትህን አሳይ ይባላል፣ የሚመልስ ሰው የለም፣ ይታገዳል። ከዚያ 180 ቀን ለይግባኝ ክፍት ይቆይና ለዘለቄታው ይዘጋል። በሰው ዓይን ሲታይ ፕሮፋይሉ የለም፣ ለአንቺም ያው ሊበቃሽ ይችላል።

አንድ የሰማሁትን ምክር ላክሽፈው። «ሞታለች ብለሽ አስመዝግቢ» የሚሉ አሉ። እባክሽን አታድርጊው። የሞተ ሰው አካውንት በመጀመሪያ የሚሆነው መታሰቢያ ነው። ስምሽ ላይ የማስታወሻ ቃል ይጨመራል፣ ፎቶዎቹ እዚያው ይቀራሉ፣ ማንም ደግሞ ተመልሶ አይገባበትም፤ አንቺም ጭምር። ለማስጠፋት ዘመድ የሞት የምስክር ወረቀት ማቅረብ አለበት፣ ያንን ደግሞ ከየት ልታመጪ ነው? አንዲት የማውቃት ልጅ እህቷ እንዲህ አድርጋላት አጎቷ ክፍለ ሀገር ሆኖ ልቅሶ ሊወጣ ሻንጣ አዘጋጅቶ ነበር።

ሕግስ የለንም ወይ? አለን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለያንዳንዷ የድሮ ፌስቡክ ነገ ጠዋት ውጤት ያመጣል ብዬ ግን ተስፋ አልሰጥሽም። አውሮፓ የሚኖር ሰው ይሄን እያነበበ ከሆነ ግን ለሱ ጠቃሚ ነው። እዚያ ጂዲፒአር አንቀጽ 17 ላይ መረጃዬ ይጥፋልኝ የማለት መብት አለ፤ ኩባንያው በመርህ ደረጃ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለበት፣ ካልመለሰ ወይም ካልተስማማሽበት ለአገርሽ የዳታ ጥበቃ ባለሥልጣን አቤት ይባላል። የሜታ የአውሮፓ ቢሮ ደብሊን ስለሆነ ጉዳዩ በአየርላንዱ በኩል ያልፋል። ይሁንና እዚያም ቢሆን ማንነትህን አሳየኝ የማለት መብት አላቸው። ያው እንግዲህ ተመልሰን መታወቂያው ጋ መጣን።

አሁን ወደ ቴሌግራሙ ልጅ። እንዲህ ያሉት ከሦስት ነገር አንዱን ያደርጋሉ። ቀላሉ ብሩን ተቀብሎ ብሎክ ማድረግ ነው። ሁለተኛው በሃምሳ የሐሰት አካውንት ሪፖርት ማድረግ ነው፤ ፌስቡክ የሪፖርቱን ብዛት ቆጥሮ አያወርድም፣ አንዱም ሃምሳውም ያው ነው። የምፈራልሽ ሦስተኛው ነው። «ለማረጋገጫ» ብሎ የመታወቂያሽን ፎቶና ፊትሽን የምታዞሪበት ቪዲዮ ይጠይቅሻል። ልብ በዪ፣ ከላይ ፌስቡክ ራሱ የሚጠይቀው ብዬ የነገርኩሽ ያንኑ ነው። ከሰጠሽው በስምሽ ገብቶ የድሮ ፎቶዎችሽንና የኢንቦክስ ወሬሽን ይይዛል። ከዚያ ዋጋው ሦስት ሺህ አይሆንም፣ ባልሽንም በስሙ እየጠራ ነው የሚያስፈራራሽ። ቀድመሽ የላክሽለት ነገር ካለ ንገሪኝ። ኮድ ከላክሽለት ደግሞ ዛሬውኑ ንገሪኝ።

እስከዚያ ያንን የሪያድ ስልክ ፈልጊ። ካገኘሽው ባትሪው አብጦ እንደሆነ እዪ፤ አብጦ ከሆነ ቻርጅ አታድርጊው፣ ለባለሙያ ይዘሽ ሂጂ፣ ግን ፎርማት ሳይደረግ ባትሪ ብቻ ቀይርልኝ ብለሽ አጥብቀሽ ንገሪው፣ አጠገቡም ቁሚ። ኮከብ ያለበትን ገጽ ደግሞ ማታ ረጋ ስትዪ ክፈቺውና ስንት መስመር እንዳለው፣ ስልኩ በ+966 ወይስ በ+251 እንደሚጀምር ብቻ ጻፊልኝ። ሙሉ አድራሻውን እዚህ አትጻፊው፣ ሌላ ሰውም ያነበዋል።